«አገር ተቃዋሚ ሊሆን አይችልም»፦ ስለ ፖፑሊዝም ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹን ላካችሁ፣ የቻልኩትን ያህል መለስኩ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ተቃዋሚ ሁሉ "ባለሥልጣኑ ሌባ ነው፣ ሕዝቡ ተበድሏል" ይላል። ታዲያ ተቃዋሚ ሁሉ ፖፑሊስት ነው?»

አይደለም። ልዩነቱ የት እንዳለ ለማየት ከሃንጋሪ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ቪክቶር ኦርባን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው በ1998 ነው። በ2002 ምርጫ ተሸነፈ፣ ያውም ለጥቂት። 386 መቀመጫ ባለው ፓርላማ የእሱ ወገን 188 አገኘ። ሶሻሊስቶቹና ሊበራሎቹ ተደምረው 198 ሆኑና መንግሥት መሠረቱ። እስከዚህ ድረስ በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነገር ነው።

ከምርጫው በኋላ ኦርባን ቡዳፔስት ውስጥ ደጋፊዎቹን አደባባይ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ፓርቲያችንና ተወካዮቻችን ፓርላማ ውስጥ ተቃዋሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እዚህ የቆምነው እኛ ግን ተቃዋሚ ልንሆን አንችልም፣ ምክንያቱም አገር ተቃዋሚ ሊሆን አይችልም። ግፋ ቢል መንግሥት ነው የገዛ ሕዝቡ ተቃዋሚ የሚሆነው።

ተራ ተቃዋሚ ሲሸነፍ «መራጩ ተሳስቷል፣ በሚቀጥለው እናሳምነዋለን» ይላል። ድምፅ ተሰርቋል ብሎ ፍርድ ቤት ሊሄድም ይችላል። ይህ ሁሉ ያለ ነው። ኦርባን ያለው ሌላ ነው። አገሩ እኛ ነን፣ ስለዚህ የተሸነፈው አገሩ ነው፣ ያሸነፈውም ከአገሩ ውጭ ነው ማለት ነው። ተቺነት ብቻውን ፖፑሊስት አያደርግም። «ሕዝቡን የምወክለው እኔ ብቻ ነኝ» የሚለው ነው መስመሩን የሚያልፈው። ጀርመናዊው የፖለቲካ ምሁር ያን ቨርነር ሙለር ይህችን «ብቻ» አጥብቆ ይይዛል፣ እኔም እስማማለሁ።

«ለምን ታወሳስበዋለህ ወንድሜ? ፖፑሊስት ማለት ነዳጅ እደጉማለሁ፣ ደመወዝ እጨምራለሁ እያለ ሕዝብ የሚያባብል ነው። በቃ።»

ግማሹን ልክ ነህ። የላቲን አሜሪካን ኢኮኖሚ የሚያጠኑ ሰዎች ቃሉን ልክ አንተ እንዳልከው ይጠቀሙበት ነበር። ካዝናው ባዶ ሆኖ ደመወዝ መጨመር፣ ከዚያ የዋጋ ንረት፣ ከዚያ ውድቀት።

ግን በዚህ መለኪያ ፔሩን አስብ። አልቤርቶ ፉጂሞሪ በ1990 ሲወዳደር ከፖለቲከኞቹ መንደር የማይታወቅ፣ የተራው ሰው ወገን ሆኖ ቀረበ። ከባዱን የዋጋ ማስተካከያ እቃወማለሁ ብሎም ነበር። ሥልጣን በያዘ በሳምንታት ውስጥ ግን ድጎማውን አነሣና የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ። በ1992 ደግሞ ፓርላማውን በታንክ ዘጋ፣ በሙስናና ሥራ በማደናቀፍ እየከሰሰ። ሰውየው ድጎማ አልሰጠም፣ ነጠቀ እንጂ። ፖፑሊስት ግን ነበር። ስለዚህ ገንዘቡን ተወውና ሕዝብና ልሂቅን እንዴት አድርጎ እንደሚስላቸው እይ።

«ሮም ነው የምኖረው። እዚህ ባለ አምስት ኮከቡ ንቅናቄ መጀመሪያ ከቀኝ አክራሪው ሌጋ ጋር ገዛ፣ ከዓመት በኋላ ከግራዎቹ ጋር ገዛ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ኮንቴ! እኛ የመኖሪያ ፈቃድ የምናሳድስ ሰዎች የትኛውን ሕግ እንደምንከተል ግራ ገብቶን ነበር። ይሄ ፓርቲ ምን ዓይነት ነው?»

የፈቃዱን ነገር ጠበቃ ይንገርህ፣ እኔ አልነካውም። ግን ሳታውቀው ምሁራኑ «ስስ» የሚሉትን ነገር በዓይንህ አይተሃል።

ሶሻሊዝም ወይም ሊበራሊዝም ወፍራም ነው። ስለ ግብር፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ቤተሰብ የሚለው አለው። ሆላንዳዊው ካስ ሙደ በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ፖፑሊዝም ይህ የለውም አለ። ያለው አንድ ሥዕል ነው፦ ኅብረተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል፣ በአንድ በኩል ንጹሕ ሕዝብ፣ በሌላ በኩል የበሰበሰ ልሂቅ፤ ፖለቲካም የሕዝቡን አንድ ፈቃድ መፈጸም ነው። ይህ ሥዕል ግብር ከፍ ይበል ዝቅ ይበል አይነግርህም። ስደተኛ ይግባ አይግባም አይነግርህም። ስለዚህ ሌላ አስተሳሰብ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። ሌጋ ጋ ብሔርተኝነት ላይ፣ ቬኔዙዌላ ውስጥ ቻቬዝ ጋ ሶሻሊዝም ላይ።

ባለ አምስት ኮከቡ ልዩ የሚሆነው በቅጡ የሚለጠፍበት ስላልነበረው ነው። «ቀኝም ግራም አይደለንም፣ እነዚያን ግን እናባርራለን» ብሎ በ2018 ወደ 33 በመቶ ድምፅ አገኘ። ሲገዛ ግን በጀት ማውጣት ነበረበት፤ የበጀቱን ይዘት በአመዛኙ ተጣማሪው ፓርቲ ሰጠው። በ2018 ሌጋ፣ በ2019 ዴሞክራቲክ ፓርቲው። ያንን ያህል መገለባበጥ የቻለው ስስ ስለነበር ነው።

«እኔ የደርግን ዘመን በደንብ አስታውሳለሁ ልጄ። "ሰፊው ሕዝብ" የማይባልበት ስብሰባ አልነበረም። አድሃሪው በአንድ ወገን፣ ጭቁኑ በሌላ ወገን። ይህ ፖፑሊዝም ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ጋሼ፣ ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ይህ አስቸገረኝ። ከላይ ሲያዩት ይመስላል። ግን ሁለት ነገር ይለየዋል።

አንደኛ፣ ክፍፍሉ የመደብ ነው። ባላባቱ ጠላት የሆነው መሬቱን ስለያዘ ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። ፖፑሊስት ጋ ክፍፍሉ የምግባር ነው። ሀብታም ነጋዴ እንኳ «ከእኛ ወገን» ከሆነ ሕዝብ ነው፤ ትራምፕን ያስቧል።

ሁለተኛው ለእኔ ይበልጣል። የዚያን ዘመን መፈክር እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፦ ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ። የሚነቃው ማን ነው? ሕዝቡ። ስለዚህ ገና አልነቃም ማለት ነው። የነቃው ጓድ ከፊት ይመራዋል። ይህ የሌኒን መንገድ ነው፣ ከፖፑሊዝምም ይልቅ ለልሂቃን አገዛዝ ይቀርባል። ፖፑሊስት እንዲህ ቢል ያልቅለታል። ለእሱ ሕዝቡ እንዳለ ልክ ነው፣ ጤናማ አእምሮ አለው፣ የሚያስተምረው አያስፈልገውም። መስማት ያቃታቸው እነዚያ ላይ ያሉት ናቸው።

እርግጥ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የሚነገረው ሁሉ መጽሐፉን ጠብቆ አልሄደም። «ሰፊው ሕዝብ ፈርዷል» የሚለው አባባል ወደዚያኛው ይጠጋል። ይከራከሩኝ።

«በምን ይለካል? "ሕዝብ" የምትል ቃል ትቆጠራለች?»

ተሞክሯል፣ ግን ብዙ ያስታል። ቃሏን ሁሉም ይላታልና። አሜሪካዊው ከርክ ሃውኪንስ የተሻለ መንገድ አመጣ። ከአንድ መሪ አራት ንግግር ይወሰዳል፦ አንድ የምርጫ ዘመቻ፣ አንድ የምረቃ ሥነ ሥርዓት፣ አንድ ለውጭ ሰዎች የተደረገ፣ አንድ ዝነኛ። የሠለጠኑ አንባቢዎች እያንዳንዱን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ከ0 እስከ 2 ይሰጡታል። ፈተና አራሚ ድርሰት እንደሚያርመው፣ ሙሉውን ይዘው።

የምረቃው ንግግር ብልሃት አለው። በዘመቻ ሰዓት ማንም ይጮኻል። ድልድይ ሲመረቅ ግን ተራው መሪ ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ወጪው፣ ስለ መሐንዲሶቹ ያወራል። ቻቬዝን የመሰለ ሰው እዚያም የሕዝቡንና የጠላቶቹን ትግል ያነሣል። ውጤቱ ወደ ላይኛው ጫፍ የቀረበውም ለዚህ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትልቁ ነገር ፖፑሊዝም «ነው ወይም አይደለም» ብቻ ሳይሆን በመጠን እንደሚመጣ ነው። ያው ሰው በአንድ ዓመት 0 ተኩል፣ በሌላው 1 ተኩል ሊሆን ይችላል።

«ሃንጋሪ፣ ደብረጼን ከተማ ነው የተማርኩት። ሃንጋሪዎች ስለ 2006 ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የሶሻሊስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር "ጠዋት ማታ ዋሽተናል" ያለበት ድምፅ ወጥቶ አገር ተናወጠ። ልሂቃኑ በእውነት ቀጣፊ ሆነው ሳለ "ቀጣፊ" ያላቸውን ሰው ፖፑሊስት ማለት ስድብ አይሆንም?»

ጥሩ ነጥብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ስድብ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፌረንትስ ጁርቻኒ ያንን ለፓርቲው ሰዎች በዝግ ስብሰባ ተናግሯል፣ ድምፁ ወጥቷል፣ ሥልጣኑንም ወዲያው አልለቀቀም። «ዋሽተኸናል፣ ውረድ» ማለት እውነት የሆነ ክስ ነው። ያንን ያለ ሊበራልም ወግ አጥባቂም ተራ ተቃዋሚ ነበር።

ስለዚህ ክሱ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው መለያ አይሆነንም። የሚለየው ከክሱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ይህ ሰውዬ ዋሸ» የሚለው አንድ ሰውን ይከሳል፣ ማስረጃ አለው፣ ሰውየው ሲወርድ ያበቃል። «እነዚህ ጥንቱንም ከእኛ አልነበሩም» የሚለው አያበቃም። በ2010 ኦርባን 53 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ፣ የምርጫ ሥርዓቱ ግን ሁለት ሦስተኛ መቀመጫ ሰጠው። ከዚያ አዲሱ ፓርላማ አንድ መግለጫ አወጣ፣ ሕዝቡ በድምፅ መስጫ ሳጥን አዲስ የብሔራዊ ትብብር ሥርዓት መሠረተ የሚል። መግለጫው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ተደረገ። ያልመረጠው 47 በመቶ ታዲያ የት ገባ? ሕገ መንግሥቱም በ2011 በዚያው ወገን ድምፅ ብቻ ተለወጠ።

«ብሔርተኝነትን ለምን ታጥላላለህ? አገር መውደድ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?»

ስለ ብሔርተኝነት ክፉ ነገር አላልኩም እህቴ። ብሔርተኛ «እኛ እዚህ፣ እነሱ ማዶ» ይላል። ፖፑሊስት «እኛ ታች፣ እነሱ ላይ» ይላል። ብዙ ጊዜ ተደርበው ስለሚመጡ ይምታታሉ።

«ስስ ከሆነ፣ ግብርም ትምህርትም ላይ አቋም ከሌለው፣ ምኑን ርዕዮተ ዓለም ሆነ? የማሸነፊያ ዘዴ በሉት እንጂ።»

ይህን የሚሉ ምሁራን አሉ። ኩርት ዌይላንድ አንዱ ነው። ለእሱ ፖፑሊዝም አንድ መሪ ፓርቲና ድርጅት ሳያስፈልገው፣ ብዙኃኑን በቀጥታ ይዞ ሥልጣን ላይ የሚወጣበት ስልት ነው። መሪው ያምንበት አያምንበት አይገደውም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላ ነው። «ስስ ርዕዮተ ዓለም» የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ማይክል ፍሪደን ነው፣ እንደ ብሔርተኝነት ላሉት ብሎ። ሙደ ከእሱ ወሰደው። ፍሪደን ግን በ2017 ተመልሶ ለፖፑሊዝም አይሆንም አለ። ስስ ማለት ሊያድግ የሚችል እምብርት ያለው ነው፣ ይህኛው ግን ከስስም አልፎ የመነመነ ነው ብሎ ነው የጻፈው። እኔ አሁንም በሙደ እጠቀማለሁ፣ ምክንያቱም ሥዕሉን መራጮችም ላይ፣ ፓርቲዎችም ላይ፣ ንግግርም ላይ ልፈልገው እችላለሁ። ስልት ካልኩት መራጩ አእምሮ ውስጥ ያለውን መለካት አልችልም። የፍሪደን ክርክር ግን መልስ አግኝቷል አልልም።

«ያው የደብረጼኑ ነኝ። በ2024 ፔተር ማጃር ከኦርባን ሰፈር ወጥቶ ወዲያው በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ 30 በመቶ አካባቢ አገኘ። እሱም "እነዚህ ማፊያዎች፣ እኛ ሕዝቡ" ይላል። በአንተ መለኪያ ይኼስ?»

የልሂቃን ጥላቻው አለ፣ ሕዝቡን ከፍ ማድረጉም አለ። እኔ የምፈልገው ሦስተኛውን ነው፦ ለኦርባን ድምፅ የሰጠውን ገበሬ ምን ይለዋል? በዚያ ዓመት በየመንደሩ እየዞረ የኦርባንን መራጭ ሊያግባባ ይሞክር ነበር። ያ ከፖፑሊስት ሥዕል ያርቀዋል።

«እሱ ስልት ነው እንጂ እምነት አይደለም። መራጭ ያስፈልገዋላ!»

ይህን ካልክ ከላይ ከዌይላንድ ጋር ተሰልፈሃል። እንግዲያው አራት ንግግሮቹን አምጣና ለየብቻችን ነጥብ እንስጣቸው። አንዷ የምረቃ ትሁን።