የአንድ ጊዜ ደንበኛን ወርሃዊ ስለማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ አሁን በየወሩ ይከፍሉኛል። ጠይቁኝ።

«ሠርቼ ካስረከብኩ በኋላ ደንበኛው ይጠፋል። በየወሩ ክፈለኝ እንዴት ልበለው?»

እውነት ይጠፋል? እስቲ መልእክቶችህን መለስ ብለህ እያቸው። እኔ ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ ሠርቼ ካስረከብኩ በኋላ በ3 ወር ውስጥ 11 ጊዜ «ትንሽ ነገር ነበረች» ተብያለሁ። ሰባቱ ፎቶና የሥራ ሰዓት መቀየር ነው። ሦስቱ «ፎርሙ አይልክም» የሚል። አንዱ አዲስ ገጽ። ሁሉንም በነፃ ሠራሁ፣ ሞኝ ነበርኩ።

ለክሊኒኩ ያቀረብኩት የወርሃዊ አገልግሎት ጥቅል የወጣው ከዚያ ቆጠራ ነው። አዲሱን ገጽ ስትተወው በወር ሦስት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ በወር እስከ 4 ለውጥ አልኩ፤ እያንዳንዱ ከ30 ደቂቃ የማያልፍ። በየሳምንቱ ባክአፕ እወስዳለሁ፣ በየወሩ ፎርሙን ራሴ ሞልቼ እሞክራለሁ፣ ለጥያቄ በ2 የሥራ ቀን እመልሳለሁ። አዲስ ገጽና የዲዛይን ለውጥ በተናጠል ይከፈላል። ይህን ከ11ዱ መልእክቶች ዝርዝር ጋር ላክሁላቸው። ብዙ ማሳመን አላስፈለገኝም።

«ይሄ ሁሉ ዝርዝር ለምን? በወር 10 ሰዓት ብሎ መሸጥ አይቀልም?»

ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሥራ ላይ ልክ ነሽ። ለተደጋጋሚ ሥራ ግን ሰዓት አንቺኑ ይጎዳል። ስትፈጥኚ ገቢሽ ይቀንሳል፣ ደንበኛው ደግሞ ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። ሰዓቱን ዋጋ ስትተምኚ ለራስሽ ያዢው።

«ባለፈው ሥራ ግማሹን ክፍያ አልሰጠኝም። ወርሃዊ ውል ባስፈርመው ይከፍለኛል?»

አይከፍልህም፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ዕዳውን ይጨርስ። ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ ወሩ ሳይጀምር ነው የሚገባው።

«አምስተኛው ጥያቄ ሲመጣስ? እምቢ ማለት ይከብደኛል።»

እምቢ አትበይ፣ አስመርጪው። «የዚህ ወር 4ቱ አልቀዋል። ለሚቀጥለው ወር ልያዘው ወይስ በተናጠል ከፍለው አሁን ልሥራው?» በይው። ድንገት እንዳይሆንበት ከመጀመሪያው ጀምሮ «ይህ 2ኛው ነው» እያልሽ ጻፊለት። እኔ አንዴ «ይህቺን ብቻ» ብዬ አልፌ ገደቡ ጨርሶ ተረሳ። ደንበኛው ሁለት ወር ተከታትሎ ገደቡን ካለፈ ጥቅሉ ጠቦታል፣ ከፍ ያለውን አቅርቢለት።

«ያልተጠቀመበት ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍለታል? እኔ አስተላልፋለሁ፣ ደስ ይላቸዋል።»

እኔ አላስተላልፍም። ለ4 ወር ዝም ያለ ሰው 16 ለውጥ ይዞ በአንድ ሳምንት ሲመጣብኝ ይታየኛል። ግን አንተ ጋ ከሠራ ተወው፤ ምናልባት ለአንድ ወር ብቻ ማስተላለፍ ሊያስማማን ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ወር ነው። ያኔ «ባክአፑ ተወስዷል፣ ፎርሙ ይሠራል» የምትል አጭር ሪፖርት ካልላክሁ፣ ደንበኛው ለምን እንደሚከፍለኝ ራሱን መጠየቅ ይጀምራል።