በተደጋጋሚ ፅንስ ሲወርድ፦ የትኛው ምርመራ ምን ይነግረናል?

«ሦስት ጊዜ ፅንሱ ገና በሁለተኛው ወር ወረደብኝ። ቤተሰብ ሾተላይ ነው ይላል። ሐኪሙ ረጅም የምርመራ ዝርዝር ሰጥቶኛል፤ የቱን ላስቀድም?»

እህቴ፣ በቅድሚያ ሾተላዩን እናንሳ፤ እኔንም ዘመድ ሁሉ ያንኑ ይለኝ ነበር። ሾተላይ የሚባለው የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ችግር ነው። የሚጎዳውም በአብዛኛው እርግዝናው ከገፋ በኋላ ነው። በሁለተኛው ወር እየተደጋገመ ለሚወርድ ፅንስ ማብራሪያ አይሆንም። ሆኖም ደምሽ ኔጌቲቭ ከሆነ ስለ መከላከያው መርፌ ሐኪምሽን ጠይቂ።

እኔ ብሆን የማስቀድመው የፀረ ፎስፎሊፒድ ምርመራን ነው። አንዳንዷ ሴት ሰውነቷ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉና እንግዴ ልጁን የሚጎዱ ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። ይህን ማስቀደሜ፣ ከተገኘ የታወቀ ሕክምና ስላለው ነው፦ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪንና የሄፓሪን መርፌ። ነገር ግን አንድ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ተራ ኢንፌክሽን እንኳ ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት። የእኔ የመጀመሪያ ውጤት ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አንድ ሐኪም ወዲያው በየቀኑ ስለሚወሰድ መርፌ አወራኝ። ሌላዋ ሐኪም ግን «ሳይደገም በሽታ አንለውም» ብላ አስጠበቀችኝ፤ ሲደገም መደበኛ ሆነ። መርፌው ቀረ።

የማህፀን ቅርፅ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ውስጡን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ይጠቅማል። የታይሮይድና የስኳር ምርመራ ቀላል ስለሆነ አብሮ ይሠራ። የባልና ሚስት የክሮሞዞም ምርመራ ውድ ነው፤ ችግር ቢገኝ እንኳ የሚያስተካክለው መድኃኒት የለም፤ የሚረዳው ለቀጣዩ ውሳኔ ነው። ዝርዝርሽ ውስጥ ቶርች የሚባለው ካለ ግን ገንዘብሽን ያዢ፤ የቆየ ኢንፌክሽን ምልክት ያሳያል እንጂ የተደጋገመውን ውርጃ አያስረዳም።

ሁሉንም ጨርሰሽ «ምንም አልተገኘም» ብትባዪ አትደንግጪ፤ ከተመርማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ፅንስ ገና ከጅምሩ የሚወርድበት ዋነኛው ምክንያት የፅንሱ ክሮሞዞም ቁጥር በአጋጣሚ መዛባቱ ነው፤ ዕድሜ ሲገፋም ይበዛል። ይህ በአንቺ ደም ላይ አይታይም። የሚታወቀው የወረደው ፅንስ ራሱ ሲመረመር ነው፤ በሁሉም ቦታ ስለማይሠራ አስቀድመሽ ጠይቂ። ምክንያት ያልተገኘላቸው ሴቶች አብዛኞቹ ያለ ልዩ ሕክምና ልጅ ይወልዳሉ፤ ዕድሜና ቀደም ሲል የወረደው ብዛት ግን ዕድሉን ይቀንሱታል።

በሚቀጥለው እርግዝና ደም ካየሽ ፈጥነሽ አልትራሳውንድ ተነሺ። ፅንሱ በማህፀን ውስጥ መሆኑ ከታየ ፕሮጄስትሮን ስለሚባለው የሆርሞን መድኃኒት ጠይቂ፤ ቀድሞ ለወረደባቸውና ደም ለታያቸው ሴቶች ጥቅም እንዳለው በብሪታንያ በተደረገ ትልቅ ጥናት ታይቷል። አልጋ ላይ መተኛቱ ግን ፅንስን እንደሚያቆይ አልተረጋገጠም፤ ሥራሽን አትተዪ።