ከንፈር ሲመጥ፣ አንጀት ቅቤ ሲጠጣ

ልጆቼ፣ ከጀርመንኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ስትጀምሩ «ሻደንፍሮይደ» የምትባል ቃል መንገድ ላይ ትጠብቃችኋለች። «ሻደን» ጉዳት ነው፣ «ፍሮይደ» ደስታ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ሌላው ሰው ሲጎዳ በልባችን የሚላወሰውን ደስታ ይሰይማሉ። በየትም ቋንቋ አቻ የላትም ሲሏችሁ ግን እንዳለ አትቀበሉ። ስዊድኖች ሁለቱን ቃላት በዚያው ስልት ገጥመው የራሳቸውን ሠርተዋል፤ ዐረቦች «ሸማታ» ይላሉ፤ አሪስቶትልም በግሪክኛ በአንድ ቃል ጠርቷታል። እንግሊዝኛ ግን ጀርመንኛውን እንዳለ ወሰደ። ጀርመንኛ ስምን ከስም እያጋጠመ አዲስ ስም ማውጣት ይቀናዋል። አማርኛችን እንዲህ ያለውን ነገር የሚናገረው በግስና በሰውነት ክፍል ነው፤ በአንጀት፣ በሆድ፣ በከንፈር።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ አጭር ታሪክ ተሰጠኝ። ሰውዬው አዲስ መኪናውን ለሰፈሩ ሁሉ ሲያሳይ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሲነዳ ከገዛ አጥሩ ጋር ይጋጫል። ጎረቤቱ ያያል፤ ሻደንፍሮይደውንም መደበቅ ያቅተዋል። እኔ «ምቀኝነቱን» ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያዩልኝ አዛውንት ሳቁ። «ምቀኛ ሰው ሲያገኝ ነው የሚከፋው፤ ይሄ እኮ ሰው ሲያጣ ደስ ያለው ነው» አሉኝ።

«በሰው ጉዳት መደሰቱን» ብዬ አረምኩት። ፍቺው ልክ ነው፤ ግን ለአንዲት የተጫረች መኪና ጎረቤትየውን ጨካኝ አስመሰለው። «የእጁን አገኘ» የሚለውንም ሞከርኩ። እሱ ደግሞ ፍርድ ነው፤ ባለመኪናው ጥፋተኛ ነው ይላል፣ ደራሲው ግን ማንንም አልፈረደም። «እሰይ!» ብሎ እንዳያስጮኹት፣ ሰውዬው ደስታውን ሊደብቅ እየታገለ ነው።

በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ «ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ፤ አንጀቱ ግን ቅቤ ጠጥቶ ነበር፣ ፊቱም አሳበቀበት።» አንጀት ቅቤ መጠጣት ብቻውን ክፋት የለበትም፤ ልጇ የተመረቀላት እናትም አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ሻደንፍሮይደ ያደረገው ከጎኑ ያለው የከንፈር መምጠጥ ነው፤ ላይ ላዩን ሐዘኔታ፣ ውስጥ ውስጡን ደስታ። አንድ ቃል በሦስት ግስ ተተካ፤ ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ፣ እኔ ግን አልቆጨኝም።

ይህ መላ የሚሠራው ሰውዬው በዓይን ሲታይ ነው። ስለ ስሜቱ የሚያወራ የሥነ ልቦና ጽሑፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ «በሰው ጉዳት መደሰት» ብላችሁ ፍቱትና ከዚያ «ሻደንፍሮይደ» እያላችሁ ቀጥሉ፤ በየገጹ ቅቤ እያጠጡ መሄድ አንባቢን ያሰለቻል። ጀርመኖች ደግሞ «ከደስታ ሁሉ የሚያምረው ሻደንፍሮይደ ነው» የሚል አባባል አላቸው። እዚያ «ፍሮይደ» ሁለቴ ስለሚመጣ «ደስታ»ን ሁለቴ ማምጣት ግድ ነው፦ «ከደስታ ሁሉ ደስታ፣ በሰው ጉዳት የሚመጣ ደስታ።» እኔ ሦስት ጊዜ አመጣሁት፤ እናንተ በሁለት ከቻላችሁ ጻፉልኝ።