ኢምፓግሊፍሎዚን እየወሰዱ ሽንት ላይ ስኳር ሲታይ

«እናቴ ኢምፓግሊፍሎዚን 10 ሚሊግራም ከጀመረች አንድ ወር ሆናት። የጣት ስኳሯ 130 ነው፤ ሽንቷ ላይ ግን ስኳር ሦስት ፕላስ ወጣ። መድኃኒቱ አልሠራላትም ማለት ነው?»

እንዲያውም እየሠራ ነው። ኩላሊት ከደም ያጣራውን ስኳር ወትሮ መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ይህ ክኒን የሚመለስበትን በር ይዘጋል፤ በቀን 60 ግራም አልፎም ከዚያ በላይ ስኳር በሽንት ይወጣል። ክኒኑን እስከወሰደች ድረስ ፕላሱ አይጠፋም። የጣት ስኳሯንና የሦስት ወሩን የደም ምርመራ ተከታተል።

ያ ስኳር ግን ለፈንገስ ምግብ ነው። ብልቷ አካባቢ ካሳከካት ወይም ከቀላ፣ አፍራ ዝም እንዳትል። አብዛኛውን ጊዜ በቀላል የፈንገስ መድኃኒት ይድናል። ከሽንት በኋላ በውሃ ታጥባ በደንብ ትድረቅ። ትኩሳትና የጎን ሕመም ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

እኔን ያስደነገጠኝ ኬቶን ነው፤ ሰውነት በስኳር ፈንታ ስብ ሲያቃጥል የሚፈጠር አሲድ ማለት ነው። አባቴ ይህንኑ ክኒን እየወሰደ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾም ነበር። አንድ ቀን አስመለሰው፤ ሆዱን አመመው፤ ትንፋሹ ፈጠነ። ስኳሩ 190 ስለነበር «ጨጓራ ነው» ብለን አሳደርነው። በማግስቱ ደሙ ሲመረመር ኬቶኑ በጣም ከፍ ብሎ ደሙ አሲድ ሆኗል። ክኒኑ ስኳሩን በሽንት ስለሚያወጣው የጣት መለኪያው አታለለን።

ስለዚህ እናትህ ካስመለሳት ወይም መብላት ካቃታት፦

1. ክኒኑን የዚያን ቀን አትውሰድ። ኢንሱሊን ካላት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት።
2. ሆስፒታል ውሰዳትና የክኒኑን ስም ነግረህ «ስኳሯ ደህና ቢሆንም የደም ኬቶን ይታይላት» በል።

ከጾም በፊት ሐኪሟን አማክሩ። ቀዶ ጥገና ካለባትም ቀድማችሁ ንገሩት፤ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ይቋረጣል።