እርድ በቁንዶ በርበሬ፦ ዋርፋሪን ለሚወስድና የሐሞት ጠጠር ላለበት ሰው

ጥያቄ፦ «እናቴ የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት ጀምሮ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ትወስዳለች፤ የሐሞት ጠጠርም አለባት። ለጉልበቷ ሕመም እርድና ቁንዶ በርበሬ በሙቅ ውሃ እንድትጠጣ ጎረቤት መክሯት ልትጀምር ነው። ይጎዳታል?»

እህቴ፣ መጠጡን እንዳይጀምሩ ይከልክሏቸው፤ እንክብሉንም እንዲሁ። አልጫ ወጥ ውስጥ የሚገባውን እርድ ግን መጠኑን ሳይጨምሩ እንደለመዱት ይብሉ። ይህን በእርግጠኝነት የምጽፍልዎ እንደ እናትዎ ቫልቭ የተቀየረላት አክስቴ በዚሁ ነገር ተጎድታ ስላየሁ ነው።

1. ቁንዶ በርበሬው ለጣዕም ብቻ የሚጨመር እንዳይመስልዎ። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ብቻውን ሲወሰድ አንጀትና ጉበት ወዲያው ለውጠው ስለሚያስወግዱት ወደ ደም የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። የቁንዶ በርበሬው ፓይፐሪን ይህን የማስወገድ ሥራ ያዘገየዋል። በባንጋሎር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ጋር ለጤነኛ ሰዎች ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን 20 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። ሻጮች ይህን ቁጥር ደጋግመው ሲጠቅሱ መነሻው ከምንም የማይቆጠር መጠን እንደነበር ግን አይናገሩም። 20 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን ደግሞ በግማሽ ግራም ገደማ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ ማለትም በጣት ቆንጠር በሚደረግ መጠን ውስጥ ይገኛል። ችግሩ ፓይፐሪን የሚያዘገየው የእርዱን መወገድ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድም ይነካል።

2. ዋርፋሪንን በተመለከተ የአክስቴን ነገር ልንገርዎ። ከውጭ አገር ዘመድ የላከላትን የእርድ እንክብል ስትጀምር «ቅመም ነው» ብላ ለማንም አልተናገረችም። እያንዳንዱ እንክብል 500 ሚሊ ግራም የተጣራ እርድና 5 ሚሊ ግራም ፓይፐሪን እንዳለው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት 3 ግራም ገደማ ሲመዝን በውስጡ ያለው ኩርኩሚን 90 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ የተጣራው እርድ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ኩርኩሚን ስለሆነ አንዱ እንክብል ከአምስት የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። ብዙም ሳይቆይ ጥርሷን ስትፋቅ ድዷ ይደማ፣ ክንዷም ሳትመታ ይበልዝ ጀመር። የደም ምርመራ እንዲደረግላት ስንሄድ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየን «ቀጠሮዋ ገና ነው፣ ያኔ ትምጣ» አለችን። አክስቴ ልትመለስ ስትል እኔ እምቢ ብዬ ሐኪሙ በር ላይ ቆምኩ፤ በዚህም ዛሬ ድረስ እኮራለሁ፤ ምክንያቱም ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን የነበረበት አይ ኤን አር፣ 7.2 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ «አዲስ መድኃኒት ጀምረሻል?» ሲላት «ኧረ የለም» አለች፤ ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሲጠየቁ ሻዩንም፣ ቅጠሉንም፣ እንክብሉንም ይናገሩ። እንደ አፒክሳባን ያሉትን አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች የሚወስድ ሰው ደግሞ በየጊዜው አይ ኤን አር ስለማይለካ፣ ከመድማቱ በፊት አደጋውን የሚጠቁመው ቁጥር የለም።

3. የሐሞት ጠጠሩ ለብቻው የሚያስፈራ ነው። እርድ የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የኢንዶኔዥያ ጥናት 20 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን ብቻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከረጢቱን 29 በመቶ ያህል እንዳኮማተረ በአልትራሳውንድ ለክቷል። ይህ የተለካው በጤነኞች ላይ ነው። ጠጠር ያለበት ከረጢት ሲኮማተር ግን ጠጠሩን ገፍቶ ቱቦው ላይ ሊቀረቅረው ይችላል፤ መጠጡ ውስጥ የሚገባው አንድ ማንኪያ ደግሞ ጥናቱ ከተጠቀመበት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ከቀኝ ጎድን በታች ተነስቶ ወደ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ከመጣ፣ በተለይም ትኩሳት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከተከተለው፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። ጠጠሩ ከተቀረቀረ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የቀዶ ጥገናው ዝግጅት ራሱ ከባድ መሆኑን አይርሱ።

ለጉልበታቸውም በእርዱ ፈንታ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝተው እንዳይሰጧቸው፤ እነርሱም ከዋርፋሪን ጋር የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ።

ምናልባት መጠጡን ጀምረው ከሆነ እርዱን ያስቁሙ እንጂ ዋርፋሪኑን በራስዎ እጅ አያቋርጡ፤ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ለሐኪማቸው ነግረው አይ ኤን አር ያስለኩ። እርዱ ከቆመ በኋላ ቁጥሩ ሊወርድ ስለሚችል ድጋሚ ማስለካት ያስፈልጋል፤ የአክስቴ ከሚፈለገው በታች ወርዶ ሐኪሙ የዋርፋሪኑን መጠን እንደገና አስተካክሎላታል።