የሕዋስ መከፋፈል ወሰንና ቴሎሜር

«በላብራቶሪ የሚያድግ የሰው ሕዋስ ምግቡ ሳይጓደል ለምን መከፋፈሉን ያቆማል? የክሮሞዞምን ጫፍ የሚያስረዝመው ኢንዛይም ቴሎሜሬዝስ ለምን አያድነውም?»

ምክንያቱ ያለው ዲኤንኤ በሚቀዳበት መንገድ ላይ ነው። ቀጂው ኢንዛይም ከባዶ መጀመር ስለማይችል አጭር የአርኤንኤ መነሻ ያስፈልገዋል፤ መነሻው በኋላ ሲወገድ በመካከል የሚተወው ክፍተት ይሞላል፣ በክሮሞዞሙ ጫፍ ላይ የሚተወው ግን ሳይሞላ ይቀራል። በመሆኑም TTAGGG የሚደጋገምበት ጫፍ፣ ማለትም ቴሎሜር፣ ሕዋሱ በተከፋፈለ ቁጥር ከ50 እስከ 100 ያህል የዲኤንኤ ፊደላትን ያጣል። ከልክ በላይ ሲያጥር ሕዋሱ ጫፉን እንደ ተሰበረ ዲኤንኤ ይቆጥረዋል፤ ያን ጊዜ ፒ53 የተባለው ፕሮቲን መከፋፈሉን ያስቆማል። ልብ ይበሉ፣ ሕዋሱ ቆመ እንጂ አልሞተም። ሄይፍሊክና ሙርሄድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተሙት ጥናት ፋይብሮብላስት የተባሉት የሰው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሳት 50 ጊዜ ያህል ተከፋፍለው እንደሚቆሙ አሳይተዋል።

ቴሎሜሬዝ የራሱን የአርኤንኤ ንድፍ ይዞ ጫፉን መልሶ ያስረዝማል፤ ሆኖም በአብዛኞቹ የአካል ሕዋሳት ዋናውን ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን ዝግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ተመራማሪዎች ይህን ጂን ወደ ጤናማ ሕዋሳት ሲያስገቡ ሕዋሳቱ ወሰናቸውን አልፈው መከፋፈል ቀጠሉ። ይህን ለእርጅና መድኃኒት አድርጎ መውሰድ ግን በእኔ አስተያየት ችኮላ ነው፤ ከካንሰሮች አብዛኞቹ ያለ ገደብ የሚባዙት ይህንኑ ኢንዛይም መልሰው በማስነሳት ነውና።