ፕሪንት የሚደረግ ኢሜይል በቀኝ በኩል ሲቆረጥና ራስጌው ሲዝረከረክ

ጥያቄ፦ «ሰላም ናችሁ የግሩፑ አባላት፣ አቅራቢ በጂሜይል የላከልኝን ፕሮፎርማ ፕሪንት ሳደርገው የጠቅላላ ዋጋው ኮለም በቀኝ በኩል ተቆርጦ ይወጣል፣ ከላይና ከታች ደግሞ የማይገባኝ ረጅም ሊንክና ጽሑፍ ይዞ ይመጣል። ፕሪንተሩ ነው የተበላሸው ወይስ ሴቲንግ ነው? ፋይናንስ እንደዚህ ሆኖ አንቀበልም አሉኝ።»

ሰላም እህቴ፣ እኔ ፕሪንትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሰራው፣ አካባቢያችን ቢሮ ስለሚበዛበት ይሄ ነገር በየቀኑ ነው የሚመጣብን። ፕሪንተር ጋ ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ነገር እይልኝ፣ ክሮም ላይ ፕሪንት ስትይ በግራ በኩል ወረቀቱ ምን መስሎ እንደሚወጣ ያሳይሻል አይደል፣ እዛ ፕሪቪው ላይ የጠቅላላ ዋጋው ኮለም አለ ወይስ የለም? እዛው ላይ ተቆርጦ ከታየሽ ፕሪንተሩ ምንም አላጠፋም፣ የተቆረጠ ነገር ተልኮለት የተቆረጠ ነው ያወጣው፣ ቶነር ብትቀይሪ ሌላ ፕሪንተር ብትሞክሪ ያው ነው። ፕሪቪው ላይ ሙሉ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ብቻ ከጎደለ ግን ችግሩ የወረቀት መጠን ነው፣ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሁለቱ መፍትሔያቸው የተለያየ ስለሆነ ይሄን ሳይለዩ ሴቲንግ መነካካት ቀኑን ሙሉ ወረቀት ማባከን ነው።

ካልሽው እንደገመትኩት ያንቺ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ፣ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ ፕሮፎርማውን ኤክሴል ላይ ይሰሩና ኮፒ አድርገው ኢሜይሉ ውስጥ ፔስት ያደርጉታል፣ ሰንጠረዡ ደግሞ የኤክሴሉን የኮለም ስፋት እንደያዘ ነው የሚመጣው፣ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዝርዝር፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ ነጠላ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ እያለ ወደ ጎን ይለጠጣል። ስክሪን ላይ ወደ ቀኝ ስለምትጎትቺው አይታወቅሽም። ኤፎር ወረቀት ቁሙን ሲሆን ብሮውዘሩ 794 ፒክስል ያህል ስፋት አለው ብሎ ነው የሚያስበው፣ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ማርጂን ሲነሳለት ለጽሑፍ የሚቀረው 718 አካባቢ ነው። የማስታወቂያ ኢሜይሎች አብዛኛውን ጊዜ 600 ፒክስል ሆነው ስለሚሰሩ ያለ ችግር ይወጣሉ፣ ያንቺ ሰንጠረዥ ግን 1000 ቢሆን 280 ያህሉ ቦታ የለውም፣ ጂሜይል ለፕሪንት የሚያዘጋጀው ገጽ ደግሞ ከወረቀቱ ያለፈውን ወደ ሌላ ገጽ አያወርደውም፣ ዝም ብሎ ይደብቀዋል። ሁልጊዜ የመጨረሻው ኮለም የሚጠፋውም ለዚህ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁሌም ጠቅላላ ዋጋው ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ኢሜይሉ ተከፍቶ እያለ Ctrl+P አትበይ፣ እዛው መልእክቱ ላይ በቀኝ በኩል ከመልስ መስጫዋ ቀስት አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኪና Print በይ፣ አዲስ ታብ ከፍቶ ለወረቀት የተዘጋጀውን ያመጣልሻል። ከዛ More settings የሚለውን ክፈቺ። Paper size ላይ A4 መሆኑን አረጋግጪ። Scale ላይ Default የሚለውን ወደ Custom ቀይሪና 70 ጻፊ፣ ፕሪቪው ላይ ኮለሙ ብቅ ሲል ታያለሽ። 70 ያልኩሽ 718ን ለ1000 ስታካፍይው ወደ 72 ፐርሰንት ስለሚመጣ ነው፣ ያንቺ ሰንጠረዥ ስንት እንደሆነ ስለማታውቂ 90፣ 80፣ 70 እያልሽ ውረጂና የመጨረሻው ኮለም ልክ ሙሉ ሆኖ እንደታየ አቁሚ፣ ከዛ በላይ አታሳንሺው። ስኬሉ ፊደሉን ብቻ የሚያሳንስ አይምሰልሽ፣ ስኬሉ ሲቀንስ ለብሮውዘሩ ወረቀቱ ሰፋ ማለት ነው፣ ስለዚህ ተደብቆ የነበረው ቦታ አግኝቶ ይመለሳል።

ገደብ ግን አለው። 11 የነበረ ፊደል በ70 ሲወጣ 8 ገደማ ይሆናል፣ ይነበባል። 50 ላይ ስትደርሺ ግን ከ6 በታች ነው፣ ማህተም ሲያርፍበትና አንዴ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ቁጥሩ ይደበዝዛል፣ 3 ይሁን 8 አይለይም፣ ፋይናንስ ደግሞ በዚህ መመለሱ ትክክል ነው። ስለዚህ ከ65 በታች መውረድ ካስፈለገሽ ስኬሉን ተይውና Layout ላይ Landscape አድርጊው፣ ኤፎር ሲጋደም ለጽሑፍ 1046 አካባቢ ይሰጥሻል፣ የ1000 ሰንጠረዥ ምንም ሳይጠብ ይገባል። እኔ ለፕሮፎርማ ከሆነ መጀመሪያ ማጋደሙን ነው የምመርጠው፣ ፋይል ውስጥ ሲገባ ዞሮ መነበቡ ብቻ ነው ጉዳቱ።

ሰዎች እዚህ ጋ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፣ ቦታ ለማግኘት ብለው Margins ላይ None ያደርጋሉ። እሱን አታድርጊ። ማርጂን ብታጠፊው የምታገኚው ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ ያውም አብዛኛው የቢሮ ፕሪንተር የወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር መጻፍ አይችልም፣ ስለዚህ ፕሪቪው ላይ ሙሉ ሆኖ ያየሽው ወረቀቱ ላይ የመጨረሻዋ ዜሮ ተቆርጣ ትመጣለች። የገንዘብ ወረቀት ላይ አንድ ዜሮ መቆረጥ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ራስጌው። ከላይ ቀንና ርዕስ፣ ከታች ደግሞ https://mail.google.com ብሎ የሚጀምር ረጅም ሊንክ የሚጽፈው ጂሜይል አይደለም ብሮውዘሩ ነው፣ እዛው More settings ውስጥ ዝቅ ስትይ Headers and footers የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክቱን አንሺው፣ በቃ ይጠፋል። ግን የገጽ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚጠፋው፣ ፕሮፎርማው ሦስት አራት ገጽ ከሆነ በእጅሽ ቁጥር ጻፊበት ወይም ሊንኩን ታገሺው። የላኪው ስም፣ አድራሻው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ለማን እንደተላከ የሚለው ግን የጂሜይል የራሱ ነው፣ እሱን ለማጥፋት አትድከሚ፣ እንዲያውም ይኑር፣ ኦዲተር ቢመጣ ከማንና መቼ እንደመጣ የሚያሳየው እሱ ነው።

ከዚህ ውጪ ወረቀቱ ላይ የድሮ መልእክቶች ሁሉ ተደራርበው ከመጡ፣ የዋጋ ድርድሩ፣ «እሺ እልካለሁ» ምናምን፣ ያኔ የተጫንሽው ከላይ በቀኝ ያለችውን የፕሪንተር ምልክት ነው ማለት ነው፣ እሷ Print all ናት፣ ንግግሩን በሙሉ ነው የምታወጣው። በሦስቱ ነጥብ ስትገቢ ያንን መልእክት ብቻ ነው የምታገኚው።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ እዛው ሦስቱ ነጥብ ውስጥ Show original የሚለውን ከፍቶ ያንን ፕሪንት ያደርገዋል፣ ስሙ «ዋናው» ስለሚመስል። እሱ ኢሜይሉ በየሰርቨሩ ሲያልፍ የተጻፈበት ማስታወሻ ነው፣ Received፣ DKIM-Signature እያለ ገጽ ሙሉ ይሄዳል፣ በአማርኛ የተጻፈ ርዕስ ካለው ደግሞ እንዲህ ሆኖ ነው የሚታየው፦

```
Subject: =?UTF-8?B?4Yuw4Yio4Yiw4Yqd?=
```

ይሄ ቫይረስም ብልሽትም አይደለም፣ «ደረሰኝ» የሚል ቃል ነው። የኢሜይል ራስጌ ድሮ ሲሰራ ለላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር የኛ ፊደል በዚህ መልክ ተጠቅልሎ ነው የሚጓዘው፣ በየአራቱ ምልክት 4Y እያለ ሲደጋገም ካየሽ አማርኛ ነው፣ ተራው እይታ ላይ ተፈትቶ ይታያል። ለፋይናንስ የሚሆነው ተራው ነው፣ ይሄኛው ኢሜይሉ ከማን እንደመጣ ክርክር ሲነሳ የአይቲ ሰው የሚያየው ነው።

የወረቀት መጠኑን እመለስበታለሁ ያልኩት፦ ፕሪቪው ሙሉ ሆኖ ወረቀቱ ላይ በቀኝ ትንሽ ብቻ፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ከጎደለ Letter ነው የተመረጠው። ሌተር የአሜሪካኖች መጠን ነው፣ ስፋቱ 216 ሚሊሜትር፣ እኛ ጋ በየሱቁ የሚሸጠው ኤፎር ደግሞ 210፣ ያቺ 6 ሚሊሜትር ናት የምትሄደው። ወይም ደግሞ ፕሪንተሩ አላወጣም ብሎ ወረቀት ቀይሩ እያለ መብራት ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ምክንያቱ ያው ነው። ኮምፒውተሩ አገሩ አሜሪካ ተብሎ ከተጫነ በተለይ ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ ላይ ይሄ በጣም ያጋጥማል። ክሮም ላይ A4 ማድረግ ለዛች ቀን ይበቃሻል፣ ለዘለቄታው ግን ዊንዶውስ ውስጥ Printers & scanners ገብተሽ ፕሪንተርሽን መርጠሽ Printing preferences ላይም A4 አድርጊው፣ አለበለዚያ ወርድ ላይም ኤክሴል ላይም ይከተልሻል።

ቢሮ ፕሪንተር ከሌለና ለኛ ቢጤ ቤት በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነ ኢሜይሉን ፎቶ አንስተሽ ወይም ስክሪንሾት አትላኪ፣ Destination ላይ Save as PDF በይና ስኬሉንም ማርጂኑንም አንቺው አስተካክለሽ ፒዲኤፉን ላኪ። ከመላክሽ በፊት ከፍተሽ የመጨረሻውን ኮለም እይ፣ ፒዲኤፉ ውስጥ ከተቆረጠ እኛ ልንመልሰው አንችልም፣ የለማ። ስልክ ላይም ከጂሜይል አፕ Print ብሎ ፒዲኤፍ ማድረግ ይቻላል፣ ግን አንድሮይድ ላይ የወረቀት መጠንና ማጋደም እንጂ ስኬል የሚባል ነገር አታገኚም፣ ስለዚህ ሰፊ ሰንጠረዥ ከሆነ ኮምፒውተር ፈልጊ።

ተጋድሞም በ65 አልገባም ካለ ሰንጠረዡ በጣም ሰፊ ነው ማለት ነው። ያኔ ወርድ ላይ ፔስት አድርጎ፣ ሰንጠረዡን ነክቶ በሚመጣው Layout ውስጥ AutoFit Window ማለት ወረቀቱ ላይ ልክ ያስገባዋል፣ ለራስሽ ማወዳደሪያ ከሆነ አሪፍ ነው። ለክፍያ ፋይል ግን አልመክርሽም፣ ላኪውና ቀኑ የለበትም፣ አንቺ የጻፍሽው ወረቀት ነው የሚመስለው፣ ቢጠይቁሽ የምታሳዪው ነገር አይኖርም። አቅራቢውን ደውለሽ ፕሮፎርማውን ማህተም አድርጎ በፒዲኤፍ አታች አድርጎ እንዲልክልሽ ጠይቂው፣ ኤክሴሉ እጁ ላይ ስላለ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ፋይናንስም ከኢሜይል ገጽ ይልቅ እሱን ነው ሳያንገራግር የሚቀበልሽ።